የእናቴ ሚስኮል፦ ለአዛውንት የመድኃኒት ማስታወሻ ከነማረጋገጫው እንዴት ይዘጋጃል?

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ሁለት ኪኒን ትወስዳለች፤ አንዱ የግፊት፣ አምሎዲፒን የሚባለው፣ ሌላው የስኳር፣ ሜትፎርሚን የሚባለው ነው። ማታ ከእራት በኋላ ደግሞ አንድ ሜትፎርሚን እና አንድ የኮሌስትሮል ኪኒን፣ አቶርቫስታቲን። በቀን አራት ኪኒን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ስልኳ ላይ ለጠዋቱ ሦስት አላርም ሞላንላት፦ 2፡30፣ 2፡45 እና 3፡00። አንዱን ባትሰማ ሌላውን ትሰማለች ብለን ነው። ቅዳሜ ሳጥኗን ልሞላ ስሄድ የዓርብ ጠዋት ብቻ ሳይሆን የቅዳሜ ጠዋት ክፍልም ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ገና ከቁርስ በፊት ነበር። ዓርብ ዕለት በ2፡30 ወስዳለች። አላርሙ በ2፡45 እንደገና ሲጮህ ደግሞ «ለካ አልወሰድኩም» ብላ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ከፍታለች። ደግነቱ ከትንሽ ማዞር በቀር ምንም አልሆነችም።

ችግሩ የእሷ መርሳት አልነበረም። አላርም የሚያውቀው ሰዓቱን ብቻ ነው። መውሰዷን አያውቅም። ስለዚህ ተደጋጋሚ ማስታወሻ ማረጋገጫ ከሌለው ያው ኪኒን ሁለቴ የሚያስወስድ ነገር ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የዘረጋነው አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ የመጀመሪያውን ጥሪ ማሽን ያድርግ፤ ድጋሚውን ግን መልስ መምጣት አለመምጣቱን የሚያውቅ ሰው ያድርግ። መልሱም ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ ይሁን። እኛ ቤት መልሱ ሚስኮል ነው።

1. በቅድሚያ አንድ ወረቀት

ስልክ ከመንካታችሁ በፊት መድኃኒቶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ከነእሽጋቸው ወደ ፋርማሲስት ወይም ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር አስጽፉ። ስንት ኪኒን፣ ስንት ሰዓት፣ ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ፣ ቢረሳስ ምን ይደረግ?

አብዛኛው ሰው አራተኛውን ጥያቄ አይጠይቅም። አሠራሩ በሙሉ የሚደገፈው ግን በእሱ ላይ ነው። መልሱ ለሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም። የእናቴ ፋርማሲስት የጻፈልን እንዲህ ይላል፦ አምሎዲፒኑን ከረሳች በዚያው ቀን ባስታወሰች ሰዓት ትውሰድ። የጠዋቱን ሜትፎርሚን ከረሳች እና ምሳ ካለፈ ግን ትተወው፤ ማታ ከእራት ጋር ያለውን ብቻ ትውሰድ። የቀረውን ለማካካስ ሁለት በአንዴ መውሰድ በፍጹም የለም። ይህ የእሷ ነው። የእናንተን ራሳችሁ አስጽፉ፤ ከእኔ አትቅዱ።

ሰዓቱን ስትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ጠዋት 2፡30 የምንለውን የብዙ ሰው ስልክ 8:30 ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። አላርሙን የሚሞላው የልጅ ልጅ ወረቀቱን አይቶ 2:30 ብሎ ከሞላው ከሌሊቱ 8፡30 ሲሆን ነው የሚጮኸው።

2. ሳጥኑ

ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ቀን የጠዋትና የማታ ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ኪኒን ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ምስክርም ነው። ሚስኮል ሊሳሳት ይችላል። ሰው «ወስጃለሁ» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። የማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሁለት ኪኒን ካለ ግን አልተወሰደም ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ሙሉት። አንዱ ወረቀቱን ያነባል፣ ሌላው ያስገባል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንዱን መድኃኒት ለሰባቱም ቀን ጨርሳችሁ እሽጉን ዝጉና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁለት እሽግ በአንዴ አይከፈት።

ሳጥን ውስጥ የማይገባም አለ። ሲያም ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ አይገባም፤ በየቀኑ እንዲወሰድ ያደርገዋል። ለደረት ሕመም ከምላስ ስር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ከራሱ ጠርሙስ መውጣት የለበትም። እርጥበት የሚያበላሻቸው ሌሎችም ስላሉ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለብቻው ተጠንቀቁለት። ለምሳሌ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን መወሰድ ሲገባው በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

3. መልሱ፦ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሚስኮል

የእናቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 9 ካሉት ቁልፎች በአንዱ ላይ የሰው ቁጥር ያስቀምጣሉ። ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ ወደዚያ ቁጥር ይደውላል። ቅንብሩ `Speed dial` ወይም `1-touch dialling` በሚል ስም ታገኙታላችሁ። እኔ 2 ቁጥር ላይ የራሴን አስገባሁ። ቁልፉ ላይ ትንሽ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ሳጥኑ ላይም ያንኑ ቀይ ፕላስተር። «ቀይ ከቀይ» ብለን ነው ያስለመድናት። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ደግሞ የአንድን ሰው ቁጥር በአንድ ንክኪ የሚደውል ምልክት ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዊጅቶቹ መካከል `Direct dial` የሚለው ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ኪኒኑን ትውጣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ክፍሉን ክፍት ትተወዋለች፣ ከዚያ ቀዩን ቁልፍ ትጫናለች። ሁለቴ ሲጠራ ትዘጋዋለች። እኔ አላነሳም። ሚስኮሉ ስልኬ ላይ ከነሰዓቱ ይቀመጣል፤ መዝገብ መያዝ ሳያስፈልገኝ መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ። ሚስኮሉ የሚመጣው ከዋጠች በኋላ እንጂ አላርሙን ስትሰማ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ሚስኮሉን የምታደርገው በ2፡31 ነበር። አላርም ከጮኸ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወንበር ተነስታ፣ ሳጥኑን አምጥታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ሁለት ኪኒን ልትውጥ አትችልም። ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ መጀመሪያ ቁልፉን ትጫንና «አሁን እወስዳለሁ» ትላለች። ከዚያ በር ይንኳኳል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ኪኒኑ ይረሳል። በትክክል ስትሠራው ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ የናንተን ሰው አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ በሰዓት ለኩት። ከዚያ በጣም ፈጥኖ የመጣ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሚስኮሉን እንዳየሁ ለማሳወቅ መልሼ ሚስኮል ማድረግም ሞክሬ ነበር። ተውኩት። ሁልጊዜ ታነሳዋለች፣ አንዳንዴም «አልደረሰሽም እንዴ?» ብላ ትጨነቃለች። ዝምታ ማለት ደርሶኛል ማለት ነው ብለን ተስማማን። እስካሁን ይሠራል።

4. ድጋሚ ጥሪው

የእናቴ ስልክ ላይ ለጠዋት አንድ፣ ለማታ አንድ አላርም ብቻ ነው ያለው። ተጨማሪዎቹን አጥፍተናቸዋል። `Snooze` የሚለውንም አጥፉት፤ እሱም ሳያውቅ የሚደጋገም አላርም ነው።

ድጋሚው ከእኔ ዘንድ ነው። የእኔ ስልክ ላይ በ2፡50 አላርም አለ። ስሙ «ሚስኮል ገባ?» ነው። ከገባ አበቃ። ካልገባ እደውላለሁ። ካላነሳች በ3፡10 እንደገና እደውላለሁ። ካላነሳች በ3፡30 ወንድሜ ይደውላል። እሱንም ካላነሳች የቤቱ ቁልፍ ያላት ጎረቤቷ ገብታ ታያታለች።

በየ20 ደቂቃው ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። እሷ ለመውሰድ እስከ ስምንት ደቂቃ ይፈጅባታል ብያለሁ። በየ5 ደቂቃው ብደውል ኪኒኑን በእጇ ይዛ ሳለ አቋርጣታለሁ። ከዚያም በላይ ሰው ሲነዘነዝ ነዝናዡን ዝም ለማሰኘት ብቻ ቁልፉን መጫን ይጀምራል። ያኔ መልሱ ትርጉም አጣ ማለት ነው።

የመጨረሻው ሰው ቁልፍ ያለው መሆን አለበት። ሦስት ጥሪ ያልተመለሰው በኪኒን ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ይህን ለጎረቤቷ አስቀድማችሁ ንገሯት። «ስደውልልሽ ሄደሽ አንኳኪ፤ ካልመለሰች ክፈቺ» ተብሎ በግልጽ የተነገረው ሰው አያመነታም።

ተረኛው ደግሞ አንድ ሰው ይሁን። እኛ መጀመሪያ ለሦስታችንም ልጆቿ ሚስኮል እንድታደርግ ፈልገን ነበር። ሦስታችንም ሌላው ያየዋል ብለን ተቀመጥን። አሁን ተረኛዋ እኔ ነኝ። የማልችልበት ቀን ካለ ከዋዜማው ጥሪዬን ወደ ወንድሜ ስልክ አዞራለሁ። መዞሩን በአንድ ሚስኮል እንሞክረዋለን፣ እሱም አላርሙን ይሞላል። እናቴ ምንም አትቀይርም፤ ያው ቀዩን ቁልፍ ነው የምትጫነው።

5. ስትደውሉ ምን ትላላችሁ?

ለዚህ ነገር ሰፊ ቦታ ልስጠው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነውና። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አዎ» ነው። ውሸት አይደለም። በየቀኑ የሚሠራ ነገር የትናንቱና የዛሬው ይምታታል፤ ትናንት የወሰደችውን ዛሬ የወሰደችው ይመስላታል። «መድኃኒትሽን ውሰጂ» ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ወስዳ ሚስኮሉን ብቻ ረስታ ከሆነ ሁለተኛ አስዋጣችኋት ማለት ነው።

ጥያቄው ስለ ሳጥኑ ይሁን። አንድ ማክሰኞ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። 2፡50 ሆነ፣ ሚስኮል የለም። ደወልኩ፣ አላነሳችም። በ3፡10 አነሳች።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ? ቁርስ በላሽ?»

«በላሁ። ልብስ ሳሰጣ ነበር፣ ስልኩን አልሰማሁም።»

«ሳጥኑ አጠገብሽ ነው?»

«ወስጃለሁ መሰለኝ እኮ።»

«መሰለኝ» የሚለው ቃል ሲመጣ እኔ «አይታወቅም» ብዬ ነው የምወስደው። አልተከራከርኳትም።

«እሺ፣ ሳጥኑን አምጪልኝና አብረን እንየው። እጠብቃለሁ።»

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ የፕላስቲኩን ቀጭ ቀጭ።

«የማክሰኞ ጠዋት የሚለውን ክፈቺ። ውስጡ ምን አለ?»

«ሁለት። አንዱ ትልቅ ነጭ፣ አንዱ ትንሽ።»

«የሰኞ ማታውስ?»

«ባዶ ነው።»

የሰኞ ማታውን የጠየቅኩት በዘፈቀደ አይደለም። የቀደመው ክፍል ባዶ ከሆነ ክፍል አላምታታችም ማለት ነው። ቀጥዬ የማክሰኞ ማታውን አስከፈትኳት። እሱም ሙሉ ነው። እንግዲህ አልወሰደችም። ቁርስ ከበላች ገና ብዙ አልቆየችም፣ ሰዓቱም ከምሳ በፊት ነው። ወረቀታችን በዚህ ሰዓት ሁለቱንም ትውሰድ ይላል። ስልኩን ሳትዘጋ ወሰደች። ከዚያ ዘግታ ሚስኮል አደረገች። በአፍ የነገረችኝ ቢሆንም ሚስኮሉን ሁልጊዜ አስጨርሳታለሁ፤ ልማዱ እንዳይሰበር።

ክፍሉ ባዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። «ጎበዝ፣ ወስደሻል፤ ቀዩን ብቻ ተጫኚ» ብዬ እዘጋ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሆኖ እሷ «አልወሰድኩም» ብትል ግን ሳጥኑን እንጂ ትዝታዋን አላምንም፤ ተጨማሪ አትወስድም። ጠረጴዛው ስር ኪኒን ወድቆ ከተገኘ ብቻ ነው ሌላ ነገር የምናስበው።

የነገው ክፍል ጭምር ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ጊዜ ወስዳለች ማለት ነው። ያኔ አታስመልሷት፣ «ጠብቀን እንይ» አትበሉ። የመድኃኒቱን ስም፣ ብዛቱንና ሰዓቱን ይዛችሁ ወዲያው ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ደውሉ። ከባድ ማዞር፣ ራስ መሳት፣ ግራ መጋባት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ስልክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

6. ሳይረሱ የሚቀር ኪኒን

አንድ ሳምንት ሚስኮሉ በሰዓቱ ይመጣል፣ ቅዳሜ ሳጥኑን ሳይ ግን የአምሎዲፒኑ ኪኒን በአራት ቀን ክፍል ውስጥ አለ። ሜትፎርሚኑ ብቻ ነው የተወሰደው። ይህ መርሳት አይደለም። የሚረሳ ሰው ሁለቱንም ይረሳል፤ መርጦ የሚተው ሰው ምክንያት አለው።

ቀስ ብዬ ስጠይቃት እግሯን አሳየችኝ። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። «ትንሿ ናት የምታሳብጠኝ» አለች። ልክ ነበረች። የእግር ማበጥ የአምሎዲፒን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሜትፎርሚንም ሆድ ሊያውክ ይችላል። ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩና መድኃኒቱ ተስተካከለ። ስለዚህ አንድ ኪኒን ብቻ ተለይቶ ሲቀር ስታዩ የአላርሙን ድምፅ አትጨምሩ። ምን እንደሚያስቸግራት ጠይቋት፤ ሳትቆጡ። ከተቆጣችሁ ሳጥኑን ባዶ አድርጋ ኪኒኑን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች፣ ያኔ ምስክራችሁንም አጣችሁ።

ለዚህ ነው በመሙያው ቀን ሁለት ነገር የማስተያየው። ስልኬ ላይ ያሉትን ሚስኮሎች እቆጥራለሁ፤ በሳምንት 14 መሆን አለባቸው። ባዶ ክፍሎቹንም እቆጥራለሁ። ሚስኮል ኖሮ ክፍሉ ሙሉ ከሆነ ቁልፉ በስህተት ተጭኗል ወይም ሚስኮሉ ቀድሞ መጥቷል። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሚስኮል ከሌለ የመረጃ መስመሩ ነው የተበላሸው፤ ባትሪ፣ ኔትወርክ ወይም የተነቀለ ፕላስተር። የእናቴ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ብዙ ጊዜ ስላስደነገጠን ከማታው ሚስኮል በኋላ ስልኩን ቻርጀር ላይ መሰካት የልማዱ አካል አደረግነው።

7. ማስለመድ

ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ አጠገቧ ነበርኩ። ስድስት ጊዜ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያሳየኋት፣ ቀጣዮቹን ሁለት እሷ እየሠራች እኔ እየነገርኳት፣ የመጨረሻዎቹን እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ። በአራተኛው ቀን ከቤቴ ሆኜ ጠበቅኩ። የማይሠሩ ነገሮች የሚታዩት በዚህ ጊዜ ነው። የእናቴ ጣት ቁልፉን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይጫን ነበር፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ልቀቂው» ስላት ተስተካከለ።

8. ይህ አሠራር የማይበቃው መቼ ነው?

ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር በጣም ሊያወርድ የሚችል ኪኒን የምትወስድ ከሆነ፣ ያመለጠውን በስልክ «አሁን ውሰጂ» ማለት አይቻልም። ምግብ መብላቷን፣ ስኳሯ ስንት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛም ሁለቴ ከተወሰደ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ለእነዚህ ሐኪሙ ራሱ የጻፈው መመሪያ ይኑራችሁ። የማስታወሻው ሰንሰለትም ይጠር፤ ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ ሰው ይሂድ።

ሌላው ምልክት ሳጥኑ ራሱ ግራ ሲያጋባት ነው። ቀኑን ማወቅ ካቃታት፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የተሳሳተ ክፍል ከከፈተች፣ በስልክ «ክፈቺው» ስትሏት የቱ እንደሆነ ካልገባት፣ ቁልፉን እየተጫነች ኪኒኑን ካልወሰደች፣ የስልክ ማስታወሻ ጊዜው አልፏል። ያኔ በሰዓቱ አንድ ክፍል ብቻ የሚከፍት ቁልፍ ያለው ሳጥን አለ። ወይም ደግሞ ኪኒኖቹ ከእሷ እጅ ወጥተው ሰው እየመጣ ይሰጣታል። ሐኪሙንም አንዳንዱን መድኃኒት ወደ አንድ ሰዓት ማጠቃለል ይቻል እንደሆነ ጠይቁት፤ በቀን ሁለት ጉብኝት ከባድ ቢሆን አንዱ ይቻላል።

መድኃኒት በተቀየረ ቀን ደግሞ፣ በተለይ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ፣ የነበረውን ሳጥን ሙሉ በሙሉ ገልብጡት። ወረቀቱ እንደ አዲስ ይጻፍ፣ የቆመው መድኃኒት ከነእሽጉ ከቤት ይውጣ፣ ለወንድማችሁና ለጎረቤቷም ተነግሮ የአሮጌው ወረቀት ቅጂ ካለ ይቀደድ። እኛ አንዴ የተቋረጠ ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ፣ ተረኛ የነበረው ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ከአዲሱ ጋር ሞልቶታል።